ኃይል ሲያልቅ የዕለት ኑሮን መልሶ መገንባት

የኮሮና ቫይረስ በሽታ (ኮቪድ-19) በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰርግ፣ ለቅሶ፣ እድርና ማኅበር እንደ ቀድሞው መሰብሰብ አልቻሉም። ብዙዎች ሥራቸው ቀዘቀዘ፤ የአንዳንዶቹም ጨርሶ ቆመ። እነዚህ እርምጃዎች የቫይረሱን ሥርጭት ለመግታት አስፈላጊ ነበሩ። ሆኖም ከእነርሱ ጋር አብሮ የጠፋ፣ ብዙ ሰው ልብ ያላለው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የዕለት ሥርዓት ነው። ጠዋት ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ታክሲ መጠበቅ፣ ሥራ መግባት፣ ከጎረቤት ጋር ቡና መጠጣት፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ መሄድ፣ ሰው ሳያስብበት ቀኑን ከፋፍለው የሚያቆሙለት ምሰሶዎች ነበሩ።

ምሰሶዎቹ ሲወድቁ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሐዘንና የመጫጫን ስሜት ይበረታል። ስሜቱ ለወራት ሲቆይ ደግሞ ኃይል ይሟጠጣል፤ ፊት መታጠብ እንኳ እንደ ትልቅ ሥራ ይከብዳል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ሁኔታ ላይ የደረሰ ሰው ባለችው ጥቂት ኃይል የዕለት ኑሮውን ደረጃ በደረጃ እንዴት መልሶ መገንባት እንደሚችል ያብራራል።

ኃይል ለምን ያልቃል?

አብዛኛው ሰው «ደህና ስሆንና ኃይል ሳገኝ እነሣለሁ» ብሎ ይጠብቃል። ይህ ለወባ ወይም ለጉንፋን ይሠራል፤ እረፍት ይወሰዳል፣ ሰውነት ያገግማል፣ ከዚያም ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል። በድባቴ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስሜቱ ሲወርድ ሰው ከሥራና ከሰው ይርቃል። ሲርቅ ደግሞ ደስታ፣ የመቻል ስሜትና የሰው ፍቅር የሚያገኝባቸው አጋጣሚዎች ይጠፋሉ። እነዚህ ሲጠፉ ስሜቱ ይበልጥ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከቀረው ጥቂት ነገርም ይርቃል። ክቡ በዚህ መንገድ ራሱን እየመገበ ይቀጥላል።

አካልም በዚሁ ክብ ውስጥ ይገባል። የጠዋት ብርሃን፣ የምግብ ሰዓትና እንቅስቃሴ ለአእምሮ የቀንና የሌሊትን ልዩነት የሚነግሩ ምልክቶች ናቸው። ሰው መጋረጃ ዘግቶ እስከ ቀትር ከተኛ ምልክቶቹ ይዛባሉ፤ ሌሊት እንቅልፍ ይጠፋል፣ ቀን ደግሞ ድካም ይጫናል። ለሳምንታት ያልሠራ ጡንቻም ስለሚላላ፣ ቀድሞ ቀላል የነበረው ደረጃ መውጣት አሁን ልብ ያስመታል።

እንግዲህ ክቡ የሚሰበረው ስሜቱ እስኪሻሻል በመጠበቅ አይደለም፤ ስሜቱ ሳይሻሻል ትንሽ ተግባር በማስቀደም ነው። ይህ የድባቴ ሕክምና ዘዴ በዓለም ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ መሠረቱ «ተግባር ይቀድማል፤ ፍላጎት ይከተላል» የሚል ነው። ተግባሩ ግን በቀረው ኃይል ልክ መመጠን አለበት። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመር በፊት መለየት ያለበት

ድካም ሁሉ ከድባቴ አይመጣም። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የስኳር ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳና አንዳንድ መድኃኒቶችም ኃይል ያሳጣሉ። ስለዚህ ክብደቱ ያለ ምክንያት የቀነሰ፣ ሳል ወይም ትኩሳት ያለበት፣ የሚያዞረው ወይም የልብ ምቱ የሚፈጥንበት ሰው አስቀድሞ ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ይገባዋል።

በኮቪድ-19 ታሞ የዳነ ሰው ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንዳንድ ሰዎች ከበሽታው በኋላ ለወራት የሚዘልቅ ድካም ይኖራቸዋል፤ ከእነርሱም መካከል ጥቂት ሥራ ከሠሩ በኋላ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ክፉኛ የሚደክሙ አሉ። በድባቴ የደከመ ሰው ከአጭር እንቅስቃሴ በኋላ ብዙውን ጊዜ ስሜቱ ጥቂት ቀለል ይለዋል። ከትንሽ እንቅስቃሴ በኋላ በየጊዜው የሚብስበት ሰው ግን እንቅስቃሴን መጨመር ስለሚጎዳው፣ ከዚህ በታች የተገለጹትን ደረጃዎች ያለ ሐኪም ምክር መከተል የለበትም።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሳይለውጡ መመዝገብ

የመጀመሪያው ተግባር ምንም ነገር አይለውጥም። አንድ ደብተር ወስዶ ቀኑን በሦስት ወይም በአራት ክፍል በመክፈል ምን እንደተሠራና የዚያን ጊዜ ስሜት ከ0 እስከ 10 ስንት እንደነበር መጻፍ ነው። 0 እጅግ የከፋ፣ 10 እጅግ የተሻለ ስሜት ነው። መጻፍ የማይችል ወይም የከበደው ሰው የቤተሰቡ አባል ሊጽፍለት ይችላል።

የምዝገባው ጥቅም በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው «ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ስለሚያምን ነው። ሲመዘገብ ግን ልዩነት ይታያል። ልዩነቱም ከየት መጀመር እንደሚገባ ይጠቁማል።

ይህንና ቀጣዮቹን ደረጃዎች ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በጎንደር ከተማ ቱሪስቶችን በመኪናው ያመላልስ የነበረ የ38 ዓመት አባወራ አለ እንበል። ቱሪስቶች መምጣት ካቆሙ ሰባት ወር ሆኗል። መኪናው ግቢ ውስጥ አቧራ ለብሳ ቆማለች። አባወራው ሌሊት እስከ 8፡00 ሰዓት በስልኩ ስለ ወረርሽኙ ዜና ሲከታተል ያመሻል፤ ጠዋት ይነቃል፣ ነገር ግን እስከ 5፡00 ሰዓት ከአልጋ አይወርድም። ባለቤቱ ስታናግረው በአጭሩ ይመልሳል፤ ስልክ ሲደወል አያነሣም።

የአንድ ሳምንት ምዝገባው ሁለት ነገር አሳየ። ስሜቱ ከሁሉ የከፋው፣ ማለትም 1 ወይም 2 የነበረው፣ ከነቃ በኋላ አልጋ ላይ በሚያሳልፋቸው ሰዓታት ነበር። አልጋው እረፍት ያመጣል ብሎ ቢያስብም ደብተሩ የተናገረው ሌላ ነው። በሌላ በኩል ከሰዓት በኋላ ደጅ ላይ ከትንሿ ልጁ ጋር ሲቀመጥ ስሜቱ ወደ 4 ከፍ ብሎ ተገኘ። አራት ከፍተኛ ቁጥር አይደለም፤ ነገር ግን የቀኑ ከፍታ እርሱ በመሆኑ ሥራው ከዚያ ይጀመራል።

ሁለተኛው ሳምንት፦ አንድ ቋሚ ሰዓት

ቀኑን መልሶ ለመትከል የመጀመሪያው ምሰሶ የመነሻ ሰዓት ነው። የመኝታ ሰዓት በፈቃድ አይታዘዝም፤ ሰው ተኛ ስለተባለ እንቅልፍ አይመጣለትም። ከአልጋ የመውረጃ ሰዓትን ግን መወሰን ይቻላል። እርሱ ሲጸና የእንቅልፉ ሰዓት በቀናት ውስጥ ቀስ እያለ ይከተለዋል።

ሰዓቱ ካለበት ሁኔታ መነሣት አለበት። እስከ 5፡00 ሰዓት የሚተኛ ሰው ነገ በ12፡00 ሰዓት ልነሣ ካለ በሦስተኛው ቀን ይወድቃል፤ ከወደቀ በኋላም «አልቻልኩም» የሚለው እምነቱ ይጠነክራል። የምሳሌያችን አባወራ መጀመሪያ የመረጠው 4፡00 ሰዓትን ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየቀደመ በስድስተኛው ሳምንት 2፡00 ሰዓት ላይ ለመድረስ አቀደ።

ከአልጋ መውረድም ቢሆን ለደከመ ሰው አንድ ሥራ አይደለም፤ የብዙ ትንንሽ ሥራዎች ድምር ነው። ስለዚህ ተሰንጥቆ ይጻፋል፦ መቀመጥ፤ እግርን መሬት ማስነካት፤ ፊትን በውኃ መታጠብ፤ ወንበር ይዞ ደጅ መውጣትና ፀሐይ ላይ ለ10 ደቂቃ መቀመጥ። በዚህ ሳምንት ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ከዚያ በኋላ ቢደክመው ማረፍ ይችላል፤ ነገር ግን ቀን ላይ የሚተኛ ከሆነ ከ9፡00 ሰዓት በፊትና ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ቢሆን ይመረጣል። ሌሊት ስልኩን ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ማሳደርም የዚሁ ደረጃ አካል ነው።

ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣበት ቀን ፈታኝ ነው። ሰውየው «ዛሬ እንኳ ልካስ» ይላል። ሆኖም ያን ቀን አርፍዶ መተኛት የሚቀጥለውን ሌሊት ያበላሻል። ስለዚህ የመነሻው ሰዓት እንቅልፍ በጠፋበት ቀንም አይለወጥም።

ሦስተኛው ሳምንት፦ ሥራን መሰንጠቅ

የመነሻው ሰዓት ከሰባት ቀን ቢያንስ በአምስቱ ከተጠበቀ በቀን አንድ ተግባር ይጨመራል። ተግባሩ ሦስት ነገሮች ሊኖሩት ይገባል። በመጥፎ ቀን እንኳ የሚቻል ትንሽ መሆን አለበት፤ መቼና የት እንደሚሠራ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ማለቁም በግልጽ መታወቅ አለበት። «ቤቱን ላስተካክል» የሚለው ሦስቱንም ያጣል። «4፡00 ሰዓት ላይ የበላሁበትን ሳህን አጥባለሁ» የሚለው ግን ሦስቱንም ይዟል።

አባወራው ባለቤቱን ሲያማክር ከሁሉ የሚከብደው መኪናዋን ማየት እንደሆነ ነገራት። ባየ ቁጥር የጠፋው ገቢ ትዝ ይለዋል፤ በመሆኑም ወደዚያ የግቢ ጥግ አይሄድም። እንዲህ ያለ የሚሸሹት ነገር ካለ፣ ከእርሱ እጅግ ትንሿን ቁራጭ መውሰድ ጠቃሚ ነው። የተስማሙት የፊት መስታወቱን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ላይ ነው። ጊዜው 5 ደቂቃ ሲሆን፣ ሰዓቱም ደጅ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከመወልወሉ በፊት ስሜቱን 2፣ ከወለወለ በኋላ 3 ብሎ መዘገበ። ደስታ አልተሰማውም፤ የተሰማው «ቢያንስ ይህን ሠራሁ» የሚል ነገር ነው። በዚህ ደረጃ የሚጠበቀውም ይህ ብቻ ነው። የመቻል ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ከደስታ ቀድሞ ይመለሳል።

አንድ ተግባር ለሁለት ተከታታይ ቀን ካልተሠራ መፍትሔው ራስን መውቀስ አይደለም፤ ተግባሩን በግማሽ መቀነስ ነው። አምስት ደቂቃ የበዛበት ሰው ጨርቁን አርሶ በመኪናው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ሊሆን ይችላል ሥራው። ያልተሠራ ዕቅድ የሚነግረው መጠኑ መብዛቱን እንጂ የሰውየውን ስንፍና አይደለም።

አራተኛው ሳምንት፦ የጥሩ ቀን ወጥመድ

ዕቅድ ብዙውን ጊዜ የሚፈርሰው በመጥፎ ቀን ሳይሆን በጥሩ ቀን ነው። አባወራው በአራተኛው ሳምንት ረቡዕ ቀለል ብሎት ተነሣ። ያለፈውን ሁሉ በአንድ ቀን ለማካካስ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ አጠበ፣ ምንጣፎቹን አወጣ፣ ሞተሩን ጠረገ፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሠራ። ሐሙስና ዓርብ ግን እንደ ቀድሞው ከአልጋ አልወረደም። «ይኸው፣ ምንም አልረባኝም» ብሎ ደብተሩን ሊጥለው ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ደብተሩን መልሶ ማንበብ ይጠቅማል። ከረቡዕ በፊት የነበሩት ቀናት እኩል፣ ትንንሽና የተሳኩ ነበሩ፤ የረቡዕ ሥራ ግን የለመደውን ብዙ ጊዜ እጥፍ ነበር። ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ሥራ የሚቆመው ኃይል ሲያልቅ ሳይሆን የተመደበው ሰዓት ሲያልቅ ነው። በዕቅዱ 15 ደቂቃ ከተጻፈ፣ ኃይል ቢኖርም በ15ኛው ደቂቃ ይቆማል፤ የቀረው ለነገ ይተላለፋል። ጭማሪው በሳምንት አንድ ጊዜ ይሆናል፤ እርሱም ከ5 ወደ 10፣ ከ10 ወደ 15 ደቂቃ በመሄድ ነው። አባወራው ቅዳሜ ወደ 10 ደቂቃ ተመልሶ ቀጠለ። የመነሻ ሰዓቱን ደግሞ በዚያ ሳምንት ሳይቀድም ባለበት አቆየው፤ ስለዚህ 2፡00 ሰዓት ላይ የሚደርሰው ካቀደው አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚያደናቅፉ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አረቄና ሌላ መጠጥ ለጊዜው ያስተኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጣል፣ ስሜትንም ያወርዳል። ጫት ለሰዓታት ኃይል የሰጠ ቢመስልም እንቅልፍ ያሳጣል፤ ከቆይታ በኋላም ስሜትን ይጥላል። ቡናም ቢሆን ከቀትር በኋላ ሲጠጣ የመነሻውን ሰዓት ለመጠበቅ የተደረገውን ጥረት ሊያበላሽ ይችላል።

አምስተኛውና ስድስተኛው ሳምንት፦ ሰውን መጨመር

ሁለት ምሰሶ፣ ማለትም የመነሻ ሰዓትና የቀን ሥራ፣ ከቆሙ በኋላ ሦስተኛው ሰው ነው። ይህም በትንሹ ይጀመራል። አባወራው መጀመሪያ ያደረገው ለአንድ የሥራ ባልደረባው መልእክት መላክ ነው፤ በሚቀጥለው ቀን ለ5 ደቂቃ በስልክ አነጋገረው። ከዚያም በሳምንት ሁለት ቀን ከጎረቤቱ ጋር ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራርቀው፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርገው እስከ ዋናው መንገድ በእግራቸው ደርሰው መመለስ ጀመሩ። የተቀጠረ ጎረቤት ደጅ ላይ ሲጠብቅ መቅረት ስለሚከብድ፣ ከሌላ ሰው ጋር የተያዘ ቀጠሮ ለብቻ ከተያዘ ዕቅድ ይልቅ ይጸናል።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ ስሜቱ በአብዛኛው ቀን 4 እና 5 ነበር። ገቢው አልተመለሰም፤ ጭንቀቱም አልጠፋም። ሆኖም በ2፡30 ሰዓት ይነሣል፤ መኪናዋን በሳምንት አንድ ጊዜ ያስነሣታል፤ ባልደረባው በሳምንት ሁለት ጠዋት አትክልት ለማመላለስ ሲጠይቀው ስልኩን አንሥቶ ሊመልስለት ችሏል። መሻሻል ሲለካ መታየት ያለበት እንዲህ ያለው ነገር ነው። ሰው መጀመሪያ መሻሻሉን የሚያውቀው በሚሠራው ነገር ነው፤ በሚሰማው ስሜት የሚያውቀው ቆይቶ ነው።

የቤተሰብ ድርሻ

ኃይሉ ያለቀበትን ሰው ሰነፍ ማለት፣ «ጠንከር በል» ማለት ወይም ሥራውን ሁሉ ነጥቆ መሥራት ሦስቱም አይረዱም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥፋተኝነቱን ያበዙበታል፤ ሦስተኛው ደግሞ የቀረችውን የመቻል አጋጣሚ ይወስድበታል። የሚረዳው ግልጽና ትንሽ ግብዣ ነው። «ለምን አትወጣም?» ከማለት ይልቅ «ደጅ ቡና አፍልቻለሁ፤ አንዷን ስኒ አብረኸን ጠጣና ትገባለህ» ማለት ይሻላል። እምቢ ካለ ሳይቆጡ በማግስቱ መድገም ይገባል። ለአባትና ለእናት ሲሆን ደግሞ «እርስዎ ሽንኩርቱን ይላጡልኝ» ብሎ ቀላል ሥራ መጠየቅ ክብራቸውን ጠብቆ ወደ ቀኑ ያስገባቸዋል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

የተጫጫነ ስሜት ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለና ሥራን፣ ምግብን ወይም እንቅልፍን ካወከ፣ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል በአቅራቢያው ያለ ጤና ጣቢያ ሄዶ መታየት ተገቢ ነው። ከላይ የተገለጹትን ደረጃዎች ለአራት ሳምንት ሞክሮ ለውጥ ያላየ፣ ወይም የመጀመሪያውን ደረጃ እንኳ መጀመር ያልቻለ ሰውም እንዲሁ። ከወለደች በኋላ ይህ ስሜት የበረታባት እናት ሳትቆይ መታየት ይገባታል። ከየት እንደሚጀመር ያላወቀ ቤተሰብ የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማማከር ይችላል።

በጤና ተቋም የምክር አገልግሎት፣ እንደ ሁኔታውም መድኃኒት ሊሰጥ ይችላል። የድባቴ መድኃኒት ውጤቱ መታየት የሚጀምረው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ሙሉ ውጤቱ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል፤ ስለዚህ «አልሠራልኝም» ወይም «ድኛለሁ» ብሎ ያለ ባለሙያ ምክር ማቋረጥ አይገባም። የጸበልም ሆነ የጸሎት ሥርዓት የሚከታተል ሰው መድኃኒቱን ጎን ለጎን መውሰድ ይችላል። የዕለት ሥርዓቱም ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይቀጥላል።

አንድ ሰው «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ፣ ራሱን ስለመጉዳት ከተናገረ ወይም ያለ ምክንያት ዕቃውን ማከፋፈልና መሰናበት ከጀመረ፣ ይህ ቀጠሮ የሚጠብቅ ነገር አይደለም። ራሱን የመግደል ሐሳብ እንዳለው በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ለመናገር ዕድል ይሰጠዋል። ብቻውን መተው አይገባም። በቤት ውስጥ ያለ የፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ገመድ፣ ስለትና የተከማቸ መድኃኒት ወዲያው ከእጁ ይርቃል። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው አብሮት ሆኖ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መወሰድ አለበት።